ዋይፋይ ሲጠፋ ችግሩ ከቤት ነው ወይስ ከሰፈር? ጎረቤት ጠይቆና 994 ደውሎ የማጣሪያ መመሪያ

"ዋይፋዩ ጠፍቷል፣ ሞደሙን ምን ላድርገው?" የሚል መልእክት የማይደርሰኝ ሳምንት የለም። አብዛኛውን ጊዜ መልሴ "ምንም አታድርገው" ነው። መንገድ ላይ ኬብል ተቆርጦ ከሆነ ወይም የቴሌ ጣቢያው ጥገና ላይ ከሆነ፣ እቤት ተቀምጣችሁ ሞደም ብትነካኩ የሚመጣ ነገር የለም። እንዲያውም አንዳንዱ መነካካት መስመሩ ሲመለስ እናንተን ብቻ ከሰፈሩ ለይቶ ያስቀራችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠፋው የእናንተ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ የሚለውን እንለይ።

መመሪያው አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ፋይበር ለሚጠቀም ወይም በመደበኛ ስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚያገኝ ሰው ነው። ሌላ ከተማ ላላችሁም አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ካርድና ትንሽ ዳታ ያለው ሞባይል
- የአገልግሎት ቁጥራችሁ። ውሉ ወይም የክፍያ ደረሰኙ ላይ አለ። በስልክ መስመር የምትጠቀሙ ከሆነ በ011 የሚጀምረውን የቤት ስልክ ቁጥር ያዙ
- ውሉ የማን ስም ላይ እንደሆነ። ተከራይ ከሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ የአከራያችሁ ስም ነው
- የሁለት ሦስት ጎረቤት ስልክ ቁጥር
- ወረቀትና እስክሪብቶ

የአገልግሎት ቁጥሩን አሁኑኑ ሞባይላችሁ ላይ መዝግቡት። ኢንተርኔት ከጠፋ በኋላ ኢሜይል ውስጥ ያለ ውል መፈለግ ያበሽቃል።

1. ሰዓቱን ጻፉ፣ የሞደሙን መብራቶች ፎቶ አንሱ

ይህን ምንም ነገር ሳትነኩ አድርጉት። ሞደሙን አጥፍታችሁ ስታበሩት መብራቶቹ ይቀያየራሉ፣ መጀመሪያ የነበረውም ማስረጃ ይጠፋል። ሰዓቱ የሚያስፈልገው ደግሞ ከጎረቤት ጋር ለማመሳከር ነው። ሦስት ቤት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ሦስት የተለያየ ብልሽት አይደለም፤ የጋራ የሆነ አንድ ነገር ተነክቷል።

2. መብራቶቹን አንብቡ

ፋይበር ከሆነ ዓይናችሁ የሚፈልገው PON እና LOS የሚሉትን ነው። PON አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ ከበራ እና LOS ከጠፋ፣ ከጣቢያው የሚመጣው ብርሃን እቤታችሁ እየደረሰ ነው። ይህ ማለት ኬብል አልተቆረጠም። እንዲህ ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ ያልተከፈለ ሂሳብ፣ የአካውንት ችግር፣ ወይም ከጣቢያው ወዲያ ያለ ብልሽት ወይም ጥገና ነው። LOS ቀይ ከሆነ ግን ብርሃኑ አልደረሰም።

በስልክ መስመር ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። አንዱ DSL ወይም ADSL የሚለው መብራት ነው፤ ሌላው የቤት ስልኩ ነው። እጀታውን አንስታችሁ ድምፅ አለው ወይ ብላችሁ አዳምጡ። ተራ ባለገመድ ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በራሱ በስልክ መስመሩ በኩል፣ ከጣቢያው ወይም ከመንገድ ዳር ሳጥኑ ነው። ስለዚህ እቤት መብራት ቢጠፋም ድምፅ ይሰጣል። ድምፁም ከሌለ DSL መብራቱም ከጠፋ መስመሩ የሆነ ቦታ ተበጥሷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ DSL ብቻ ከጠፋ ሽቦው አልተቆረጠም፤ ችግሩ ወይ እቤታችሁ ስልኩንና ሞደሙን የምትለየዋ ትንሽ ማከፋፈያ ላይ ነው፣ ወይ በሌላው ጫፍ ያለው የኢንተርኔት መሣሪያ ላይ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። LOS ቀይ መሆኑ ብርሃን እንዳልመጣ እንጂ ለምን እንዳልመጣ አይነግራችሁም። ኤክስካቫተር ኬብሉን ቢበጥሰውም፣ ጣቢያው ውስጥ መሣሪያው ለጥገና ቢጠፋም፣ ሶፋ ቀጭኗን ፋይበር ቢጨፈልቃትም እናንተ የምታዩት ያንኑ ቀይ መብራት ነው። የሚለየው ጎረቤት ነው።

3. የቤታችሁን በአሥር ደቂቃ ጨርሱ

ሌላ ሰው ከማስቸገራችሁ በፊት የራሳችሁን አረጋግጡ። ሶኬቱ በደንብ ገብቷል? ከግድግዳ ወደ ሞደም የምትሄደው ቀጭን የፋይበር ገመድ በር ሥር ተቆንጥጣለች? ተጣጥፋለች? ፋይበር መታጠፍ አይወድም፤ ሳይሰበር በጠባቡ ቢታጠፍ ብቻ ብርሃኑ ይፈስና LOS ይቀላል። ሂሳቡ ተከፍሏል? ይህንንም እዩ፣ ያውም ተከራይ ከሆናችሁና አከራዩ ከሆነ የሚከፍለው።

ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ሞደሙን አጥፉት። ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ሰኩት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። የበለጠ መደጋገም ጥቅም የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ በመርፌ የምትጫነውን RESET የምትል ቀዳዳ አትንኩ። እሷ ሞደሙን አጥፍታ አታበራም፤ ውስጡ ያለውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ ሠራተኛው ሲገጥም ያስተካከለውን ሁሉ ልትደመስስ ትችላለች። ማታ ኬብሉ ተጠግኖ ሰፈሩ በሙሉ ሲመለስ እናንተ ጠፍታችሁ ትቀራላችሁ፣ ከዚያ ሌላ አቤቱታ፣ ሌላ ሠራተኛ፣ ሌላ ጥበቃ። አረንጓዴዋን የፋይበር መሰኪያም አትንቀሉ። ጫፏ ላይ ያረፈ አቧራ ብቻውን ብርሃኑን ይከለክላል። በአጋጣሚ ከተነቀለች ደግሞ ወደ ጫፏ አትመልከቱ፤ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም እንጂ ሌዘር ነው።

4. ጎረቤት ጠይቁ፣ ግን አጠያየቁን እወቁ

ሁሉም "ጎረቤት ጠይቄያለሁ" ይለኛል። ምን ብለህ ጠየቅህ ስለው "ኔትወርክ አላችሁ ወይ አልኳቸው" ይላል። ይህ ጥያቄ ዋጋ የለውም። ጎረቤቱ ዋይፋዩ ሲጠፋ ስልኩ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ዞሮ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ልዩነቱን ሳያውቅ "አዎ አለ" ይላችኋል። የሞባይል ኔትወርክ የሚመጣው ከማማ ስለሆነ የመንገዱ ኬብል ቢበጠስም ሊሠራ ይችላል።

እንዲህ ጠይቁ፦ "እትዬ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት። የሞባይል ዳታዎን ያጥፉና በቤቱ ዋይፋይ ብቻ አንድ ነገር ይክፈቱልኝ።" ከዚያ አራት ነገር፦ መስመሩ የማን ድርጅት ነው? ፋይበር ነው ወይስ በስልክ መስመር? ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት አለ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የጠፋው?

አንድ ዓይነት መስመር የሌለው ጎረቤት ምስክር አይሆንም። እናንተ ፋይበር፣ እሱ በድሮው የስልክ ሽቦ ከሆነ ሁለቱ የተለያየ ገመድ ናቸው፤ አንዱ ተቆርጦ ሌላው ደህና መሆን ይችላል። ሌላ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይገናኝም። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ ሞደም ለሦስት ቤት ተካፍለው የሚከፍሉ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሦስት ምስክር ሳይሆኑ አንድ ናቸው።

ማንን ቀድሞ መጠየቅ እንዳለባችሁ ለማወቅ መስመሩ እንዴት እንደሚመጣ በትንሹ ማወቅ ይረዳል። የቤት ፋይበር ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው ከጣቢያ አይጎተትም። ከጣቢያው የሚወጣ አንድ ፋይበር መንገድ ላይ ባሉ ሳጥኖች ውስጥ እየተከፋፈለ እስከ 32 ወይም 64 ቤት ያዳርሳል። የመጨረሻዋ ሳጥን ምሰሶ ላይ ወይም የሕንፃው ደረጃ ሥር የተሰቀለችው ናት፣ ከእሷ ለየቤቱ አንድ አንድ ቀጭን ገመድ ይወጣል። ስለዚህ ከቅርብ ወደ ሩቅ ሂዱ፦

ሀ. መጀመሪያ ከእናንተው ሳጥን የሚወስድ ቤት። ገመዳችሁን በዓይን ተከተሉት፣ ከዚያው ሳጥን የወጣ ሌላ ገመድ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ያ ጎረቤት እየሠራለት እናንተ ከጠፋችሁ ችግሩ ከሳጥኑ እስከ እናንተ ባለው ገመድ ወይም በራሳችሁ ሞደም ወይም አካውንት ላይ ነው፣ የሰፈር አይደለም። እዚህ ላይ ጥያቄው አለቀ፤ ስትደውሉ "የእኔ ብቻ ነው" ብላችሁ አስመዝግቡ።

ለ. ያ ጎረቤትም ከጠፋበት፣ ቀጣዩ መንገድ ወይም ሌላ ብሎክ ላይ ያለ ሰው። እዚያ ካለ ብልሽቱ በሳጥናችሁና በዋናው መንገድ መካከል ነው። የመንገድ ኬብል መቆረጥ በብዛት እንዲህ ነው የሚታየው፤ የሆነ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ከማዶ ያለው ደህና ነው።

ሐ. እዚያም ከጠፋ፣ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስሄድ ቦታ ያለ ዘመድ ወይም የዕድር ሰው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሁሉም አቅጣጫ በአንድ ሰዓት ከጠፋ ወይ ጣቢያው ነው፣ ወይ ሰፈሩን የሚመግበው ትልቁ ኬብል ነው።

የምትደውሉላቸው ሰዎች ሁሉ በተቀራረበ ደቂቃ ጠፋ ካሉ አንድ ምክንያት ነው። አንዱ ትናንት ጠዋት፣ ሌላው ዛሬ ማታ ካለ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ቀላቅላችኋል።

5. መንገዱን እዩ፣ ከሩቅ

ወጣ ብላችሁ ዙሩ። የሚቆፈር ነገር አለ? ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ቁፋሮ በዝቷል፣ የውኃ ቧንቧ ሥራም አለ። ረጅም ጭነት የጫነ መኪና በአየር ላይ ያለውን ኬብል ጎትቶት ሊሆን ይችላል። ያያችሁትን ከነቦታው ጻፉ፤ "ከትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ጥቁር ኬብል ተቆርጦ ወድቋል" የሚል መረጃ ሠራተኞቹን ብዙ ፍለጋ ያድናቸዋል።

የመብራት መጥፋትንም አትርሱ። የመንገድ ዳር ሳጥኖችና ጣቢያዎች ባትሪ አላቸው፣ ባትሪው ግን ያልቃል። ሰፈሩ ለረጅም ሰዓት መብራት ከሌለው እናንተ በጄኔሬተር ሞደማችሁን ብታበሩም መስመሩ ሊጠፋ ይችላል። መብራት ከጠፋ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ኢንተርኔቱ ከተከተለው መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ያኔ የሚደወለው ወደ መብራት ኃይል፣ 905 ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የወደቀ ገመድ በእጅም በእንጨትም አትንኩ። የስልክና የኤሌክትሪክ ገመድ ጎን ለጎን ወይም በአንድ ምሰሶ ላይ የሚሄድበት ቦታ ብዙ ነው፤ የቴሌ ነው ያላችሁት ገመድ ራሱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ልጆችን አርቁ፣ ፎቶውን ከሩቅ አንሱ።

6. 994 ደውሉ

የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ ቁጥሩ 994 ነው። መስመሩ የሌላ ድርጅት ከሆነ የዚያን ድርጅት የደንበኛ አገልግሎት ፈልጉ። ከመደወላችሁ በፊት የድርጅቱን ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ገጽ በሞባይል ዳታ እዩት። ሰፋ ያለ መቋረጥ ወይም የታቀደ ጥገና ሲኖር ማስታወቂያ የሚለጠፈው እዚያ ነው፣ አንዳንዴ መልሱ እዚያው ያልቃል።

ስትደውሉ የተቀዳውን ድምፅ ቶሎ አትዝለሉት፤ ስለ አካባቢ መቋረጥ የሚነገር ነገር ካለ እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛ ሲያነሳ በአንድ ትንፋሽ ይህን በሉ፦

"የአገልግሎት ቁጥሬ ይህ ነው። ፋይበር ነው፣ LOS ቀይ ነው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ጀምሮ። ሞደሙን አንድ ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ። ከአንድ ሳጥን የሚወስዱ ሦስት ጎረቤቶቼም በዚያው ሰዓት ጠፍቶባቸዋል፣ ቁጥራቸው እጄ ላይ አለ።"

ሞደሙን አጥፍታችሁ እንዳበራችሁ ቀድማችሁ ስትናገሩ "እስኪ አጥፍተው ያብሩት" የሚለው ምልልስ ይቀራል። ከዚያ እናንተ ጠይቁ፦ በአካባቢያችን የታወቀ ብልሽት አለ? የታቀደ ጥገና ነው? ጥገና ከሆነ እስከ ስንት ሰዓት? የአቤቱታ ቁጥሬ ስንት ነው? ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጡ፤ "እስከ 11" ሲባል ሌሊት ይሁን ከሰዓት ካልተጣራ ቀኑን ሙሉ በከንቱ ትጠብቃላችሁ።

የጎረቤቶቹ ቁጥር ለምን አስፈለገ? አንድ ሰው ብቻ ሲያስመዘግብ የአንድ ቤት ብልሽት ሆኖ ይገባል፤ ባለሙያው ቤታችሁ መጥቶ ሞደሙን አይቶ "ከውጭ ነው" ብሎ ሊመለስ ይችላል። ከአንድ ሳጥን ብዙ ቁጥር ሲመዘገብ ግን ጉዳዩ የመስመር ብልሽት መሆኑ ይታያል፣ ወደሚመለከተው ቡድንም ቶሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጎረቤቶቻችሁም እያንዳንዳቸው ይደውሉ።

7. መጠበቂያው ጊዜ

የታቀደ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ተጠቃሚ በሚቀንስበት ሌሊት ነው የሚደረገው። ከእንቅልፍ ስትነሱ ጠፍቶ ካገኛችሁት፣ ጎረቤትም ሁሉ ከጠፋበት፣ መንገዱ ላይም ምንም ከሌለ ጥገና ሊሆን ይችላል። የተነገራችሁ ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ሰዓት ጨምሩና ሞደሙን አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩት።

የተቆረጠ ኬብል ሌላ ነው። ሠራተኞቹ መጀመሪያ በመሣሪያ ብርሃን ልከው ቁራጩ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይለካሉ፣ ቦታውን ቆፍረው ያገኛሉ፣ ከዚያ ፀጉር የሚያህሉትን ክሮች አንድ በአንድ ያቀልጧቸውና ያገናኟቸዋል። የመዳብ ኬብል ደግሞ ብሶ ጊዜ ይወስዳል፤ መቶ ጥንድ ሽቦ ያለው ኬብል ሲቆረጥ መቶውም ጥንድ ተለይቶ መገጣጠም አለበት፣ እርጥበት ከገባበትም መስመሩ ይንጫጫል። ክረምት ላይ ዝናብ ሥራውን ሲያቆመው አትገረሙ። በሁለት ሰዓት ይመለሳል ብላችሁ ስብሰባ አትቅጠሩ።

በዚህ መሐል ሞባይላችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ ኮምፒውተር ካገናኛችሁ፣ የኮምፒውተሩን ዝመና ማውረድ አጥፉት። ፓኬጁን ሳታዩት ይጨርሰዋል።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እንበል ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ናችሁ። ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ጠፋ። LOS ቀይ ነው፣ ፎቶ አነሳችሁ። ገመዱ አልተጣጠፈም፣ ሂሳብ ተከፍሏል፣ አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አብርታችሁ ለውጥ የለም። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጋሼ ከአንድ ሳጥን ነው የሚወስዱት፤ የእሳቸውም ቀይ ነው፣ ዜና እያዩ 4፡20 አካባቢ ተቋረጠባቸው። አጠገብ ያለው ብሎክ ያለች ጓደኛችሁ "አለ" አለቻችሁ። ዳታ አጥፊ ስትሏት "ውይ፣ ለካ የለም" አለች። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ብሎክ ግን በዋይፋይ ብቻ እየሠራ ነው።

እዚህ ላይ የምታውቁት ምንድን ነው? ቤታችሁ አይደለም፣ የሕንፃው ሳጥንም ብቻውን አይደለም፣ ምክንያቱም ሌላ ብሎክም ጠፍቷል። ጣቢያው በሙሉም ላይሆን ይችላል፣ ማዶው ይሠራልና። የቀረው ሁለቱን ብሎክ አብሮ የሚመግበው ኬብል ነው። ወርዳችሁ ስታዩ በሁለቱ ብሎክ መግቢያ ላይ ቱቦ የሚቀብሩ ሰዎች እየቆፈሩ ነው። 994 ደውላችሁ ይህንኑ በቅደም ተከተል ትናገራላችሁ፣ የቁፋሮውን ቦታ ትጠቁማላችሁ፣ የአቤቱታ ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ ጋሼና ጓደኛችሁም ይደውላሉ። ቆፋሪዎቹን መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ጉድጓዱን ሠራተኛ ሳያይ እንዳይደፍኑት ግን በትሕትና ንገሯቸው። ከተደፈነ እንደገና መቆፈሩ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱባቸው

ከመንገድ ያገኙትን ሰው ገንዘብ ከፍሎ ምሰሶ ላይ ማስወጣት። ሳጥኑን ከፍቶ የእናንተን ገመድ ከሌላ ሰው ቦታ ሊሰካው ይችላል፣ ያኔ የሚጠፋው የጎረቤት ነው፣ ሠራተኞቹ ሲመጡም ምዝገባውና የሚያዩት አይገጥምም።

ባለሙያ ደውሎ "ተስተካክሏል?" ሲላችሁ ቢሮ ሆናችሁ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ማለት። አቤቱታው ይዘጋል። "እቤት ደርሼ አይቼ ልንገርህ" በሉት፣ ወይም እቤት ያለ ሰው ደውላችሁ LOS መጥፋቱን አረጋግጡ።

የሰፈሩ መስመር ተመልሶ የእናንተ ካልተመለሰ ዝም ብሎ መጠበቅ። የአካባቢው ብልሽት ተጠገነ ሲባል የእናንተም አቤቱታ አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ክሮቹ ሲገጣጠሙ የአንዱ ሳይያዝ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም የእናንተ ገመድ ሳጥኑ ውስጥ ላልቶ ይሆናል። ከአንድ ሳጥን የሚወስደው ጎረቤት እንደተመለሰለት ካረጋገጣችሁ እና ሞደሙን አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ ካበራችሁ በኋላም LOS ቀይ ከሆነ፣ ያው ቀን እንደገና ደውሉ። የድሮውን የአቤቱታ ቁጥር ጥቀሱና "የሰፈሩ ተመልሷል፣ አሁን የቀረው የእኔ ብቻ ነው" ብላችሁ አዲስ አስመዝግቡ።